ለአዋቂ የተሠራ አኒሜሽን ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፍላሽ ይዞ ፊልም የሚያስጭን ሰው «ለአዋቂ የሚሆን አኒሜሽን አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «አብሽር፣ ሁሉም አለ!» እውነትም ሁሉም አለ። ችግሩ ሁሉም ያለው አንድ ፎልደር ውስጥ መሆኑ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን የሚያየው፣ ወጣቶች ተሰብስበው የሚስቁበትና ትልቅ ሰው አይቶት እንቅልፍ የሚያጣበት ፊልም በፊደል ተራ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እዚህ የማነሳው ሦስተኛውን ዓይነት ነው፤ ጦርነትን፣ ስደትንና ድብርትን በሥዕል የሚተርከውን። እሱን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ።

በሽፋኑና በሠሪው ስም መፍረድ

ጂብሊ የሚባለው የጃፓን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለት ፊልሞችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቲኬት ለተመልካች አቀረበ። አንደኛው ቶቶሮ የሚባል ትልቅ ለስላሳ የጫካ ፍጡር ከሁለት ሕፃናት እህትማማቾች ጋር የሚጫወትበት ነው፤ አራት ዓመት ለሞላው ልጅ ያለ ስጋት ይከፈትለታል። ሁለተኛው Grave of the Fireflies ነው። በ1945 የኮቤ ከተማ በአየር ድብደባ ስትቃጠል እናታቸውን ያጡ ወንድምና እህት በረሃብ ቀስ በቀስ ሲያልቁ ያሳያል። ልጁ እንደሚሞት ገና ፊልሙ ሲጀምር ይነገረናል፤ የቀረው ጊዜ እንዴት እንደ ሞተ የምናይበት ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ሁለት ሕፃናት ሣር ውስጥ አብሪ ትል ሲያዩ ተስለዋል። ጫኙ ልጅ ይህን ሽፋን አይቶ ከልጆቹ ፊልም ጋር ቢቀላቅለው አይፈረድበትም።

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ጌንዲ ታርታኮቭስኪን ብዙዎቻችን የምናውቀው በዴክስተር ላቦራቶሪ፣ ማለትም በልጆች ካርቱን ነው። ይኸው ሰው በ2019 ፕራይማል የሚባል ተከታታይ ሠርቷል። አንድ የጥንት ዘመን ሰውና አንዲት ዳይኖሰር፣ ሁለቱም ልጆቻቸውን በአውሬ ተነጥቀው፣ በሐዘን የተጣመሩበት ታሪክ ነው። ደም ይፈስበታል፣ ንግግር ግን የለውም ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። የሠሪውን ስም ብቻ አይቶ ለልጆቹ የከፈተ አባት ግን የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ሪሞት ፍለጋ ይነሳል።

ፍለጋው ላይ adult ብቻ ብሎ መጻፍ

ይህን ለማስረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። adult cartoon ብሎ የጻፈ ሰው ከፊሉ ውጤት የወሲብ ምስል ይሆንበታል፣ የተረፈው ደግሞ ስድብ የበዛበት የአሜሪካ ኮሜዲ። ቴሌግራም ላይ የባሰ ነው፤ በዚህ ስም የተከፈተ ቻናል ውስጥ ምን እንደሚጠብቅዎ ከመግባትዎ በፊት መገመት አይቻልም። የተሻለው መንገድ ዕድሜውን ትቶ የፊልሙን ዓይነት መጻፍ ነው፦

```
animated documentary
animated drama war
animated film based on graphic memoir
```

በመጀመሪያው ፍለጋ ዘጋቢ አኒሜሽኖች ይመጣሉ። የእስራኤሉ Waltz with Bashir ከነዚህ አንዱ ነው፤ ዳይሬክተሩ በ1982 የሊባኖስ ጦርነት ወታደር ሆኖ ያየውንና የረሳውን ነገር ጓደኞቹን እየጠየቀ የሚያስታውስበት ነው። ሌላው የዴንማርኩ Flee ነው፤ ከካቡል ወጥቶ በሞስኮ በኩል ዴንማርክ የደረሰ አፍጋናዊ ታሪኩን ለልጅነት ጓደኛው ይናገራል። ሥዕል የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰውየው ፊቱና እውነተኛ ስሙ እንዲታወቅ አልፈለገም። በ2022 ለኦስካር በዘጋቢ፣ በዓለም አቀፍና በአኒሜሽን ዘርፍ በአንድ ጊዜ ታጭቷል።

የዕድሜ ምልክቱን እንደ ምክር መውሰድ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ምልክቱን የሚያውቁ ሰዎችም ይሳሳቱበታል። በአሜሪካ ሲኒማ ፊልም PG-13 ሲባል ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የማይመች ነገር ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። R ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ እንዳይገባ ይከለክላል። ለተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ደግሞ TV-14 እና TV-MA አሉ፤ የመጨረሻው ለአዋቂ ብቻ የሚል ነው። እነዚህ ምልክቶች በዋናነት የሚቆጥሩት ስድብን፣ ደምን፣ ራቁትነትንና ዕፅን ነው። ፊልሙ የትልቅ ሰው ሐሳብ ይኑረው አይኑረው አይነግሩንም።

ስለዚህ TV-MA ወይም R የሚለውን ብቻ እየለቀመ የሚያስጭን ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል። በ2016 የወጣው Sausage Party R ነው፤ የሱፐርማርኬት ምግቦች የሚሳደቡበትና የሚባልጉበት ቀልድ። የኢራንን አብዮት በአንዲት ልጅ ዓይን የሚያሳየው ፐርሰፖሊስ ግን PG-13 ነው፤ በምልክት ብቻ ከሄድን ይቀራል። የአብሪ ትሎቹ ፊልም፣ Grave of the Fireflies፣ ደግሞ በአሜሪካ ምልክት ጭራሽ አልተሰጠውም፤ በምልክት ማጣሪያ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

አንድ ጉዳይ ወስደን እንየው። ኮምቦልቻ ውስጥ ቅዳሜ ማታ አንድ ሳሎን፦ እትዬ ዘሀራ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጃቸውና የ14 ዓመቷ የልጅ ልጃቸው። ቲቪው አንድ ነው፣ ሌላ ክፍል ሄዶ ማየት የለም። ልጁ ፐርሰፖሊስን ሊከፍት አስቧል። መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ነው፦ ማርጃን ሳትራፒ የራሷን ሕይወት በሥዕል ከተረከችበት መጽሐፍ ከቨንሳን ፓሮኖ ጋር በ2007 የሠራችው፣ አብዛኛው በጥቁርና ነጭ የሆነ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው። ቴህራን ውስጥ የምታድግ ልጅ የንጉሡን መውደቅ፣ አብዮቱን፣ አጎቷ መገደሉንና ከኢራቅ ጋር የተደረገውን ጦርነት ታያለች፤ ወላጆቿ ወደ ቪየና ይልኳታል፣ እዚያም አልደላት ብሎ ትመለሳለች። ዘውድ ሲወድቅ፣ ወጣት ሲታሰርና ሲገደል ያዩት እትዬ ዘሀራ ለዚህ ታሪክ ከልጃቸው ይልቅ ቅርብ ናቸው። «ካርቱን ነው» ብለው ይነሱ ይሆናል፤ የእስር ቤቱ ክፍል እስኪደርስ ካቆዩአቸው ግን መነሳቱን ይረሱታል ብዬ እገምታለሁ።

ሁለተኛው ሥራ IMDb በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የፊልሙን ገጽ ከፍቶ Parents Guide የሚለውን ማንበብ ነው። ወሲብና ራቁትነት፣ ደም፣ ስድብ፣ መጠጥና ዕፅ፣ አስፈሪ ትዕይንት ተለይተው ተጽፈዋል። የሚጽፉት ተራ ተመልካቾች ስለሆኑ የአንዱ «ቀላል» ለሌላው ቀላል ላይሆን ይችላል፤ ከደረጃው ይልቅ ዝርዝሩን ያንብቡ። ለፐርሰፖሊስ ስድብ፣ ሲጋራና መጠጥ፣ የሥዕል ግድያዎችና ስለ ፍቅር ጓደኝነት የሚያወሩ ክፍሎች ይጠብቁ። ከዚያ በላይ ግን ፊልሙ ኢራን ውስጥ በሃይማኖት ስም የሴቶች አለባበስ እንዴት እንደተገደደ ይተቻል፤ እንደ እትዬ ዘሀራ ቤት ባለ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። ልጁ ይህን አውቆ ከከፈተው ክርክሩም የምሽቱ አካል ይሆናል። ሳያውቅ ከከፈተው ግን ፊልሙ መሃል ላይ ይዘጋል። Fleeንም ለዚያው ሳሎን የሚያስብ ሰው ተራኪው ከወንድ ጋር በትዳር ሊጣመር እየተዘጋጀ መሆኑ የታሪኩ ዋና ክፍል እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

ምልክቱ የማይነግረን አንድ ሌላ ነገር አለ፦ ሐዘኑ ለማን እንደሚከብድ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ሕፃን አዝሎ ከደሴ የወጣ ሰው ኮቤ ስትቃጠል ለማየት የሚኖረው አቅም ሌላ ነው። የአብሪ ትሎቹን ፊልም ለእንዲህ ያለ ሰው ስሙን ብቻ ነግሮ መስጠት ጥሩ አይደለም፤ ልጅቷ በረሃብ እንደምትሞት መጀመሪያ ይንገሩትና ራሱ ይወስን። መጨረሻውን መናገር ፊልም ያበላሻል የሚሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ አልሰማቸውም።

ተከታታዩን በሁለት ክፍል መዝጋት

ቦጃክ ሆርስማን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀምር ሰካራም ፈረስ የሚቀልድበት ተራ ኮሜዲ ይመስላል። ብዙ ሰው ሁለት ክፍል አይቶ ያጠፋዋል። ፈረሱ ዝናው ያለፈበት ተዋናይ ነው፤ ሠሪዎቹ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሆን ብለው ቀለል አድርገዋቸዋል። በስምንተኛው ክፍል፣ የከዳው የድሮ ወዳጁ አልጋ ላይ ሆኖ ሊሞት ሲል ቦጃክ ይቅርታ ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ይቅርታውንም አያገኝም። ተከታታዩ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ጠቅላላው 6 ምዕራፍ፣ 77 ክፍል ስለሆነ ሁሉንም በአንዴ አያስጭኑ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ወስደው እስከ ስምንተኛው ይመልከቱ፤ እዚያ ካልያዘዎ አይይዝዎትም። ቀልዱ ግን በሆሊውድ ወሬ የተሞላ ስለሆነ ግማሹ ሊያመልጥዎ ይችላል፤ የእኔም አስተያየት ከፕራይማል በኋላ እንጂ ከሱ በፊት አይጀመር የሚል ነው።

ጽሑፉን ሳይፈትሹ ከሱቅ መውጣት

ፐርሰፖሊስ የተሠራው በፈረንሳይኛ ነው፤ የእንግሊዝኛ ድምፅ ያለው ቅጂም አለ። የትኛው እንደተጫነልዎ ቤት ገብተው ካወቁ ዘግይቷል። ሱቁ ውስጥ ሆነው ፋይሉን ያስከፍቱና ሳብታይትል መኖሩን ይዩ። ለብቻው የተቀመጠ ከሆነ ስሙ ከቪዲዮው ጋር አንድ መሆን አለበት፦

```
Persepolis.2007.mkv
Persepolis.2007.srt
```

ስሙ አንድ ካልሆነ ማጫወቻው በራሱ ላያገኘው ይችላል። ከዚያ አሥረኛውን ደቂቃ አጫውተው ጽሑፉ ከንግግሩ ጋር መሄዱን ያረጋግጡ፣ ቀጥለው ወደ መጨረሻው ሄደው ያንኑ ይድገሙ። ሁለቱም ቦታ ላይ በእኩል መጠን ከዘገየ ወይም ከቀደመ ችግሩ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በ VLC የ G እና የ H ቁልፎች እየተጫኑ ይስተካከላል። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ መጨረሻ ላይ ከተንሸራተተ ግን ጽሑፉ የተዘጋጀው በሌላ ፍጥነት ለሚሄድ ቅጂ ነው። ያንን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት አያድነውም፤ ጫኙን ልጅ «ወንድሜ፣ ሌላ ሳብታይትል ፈልግልኝ» ይበሉት።