የስልክ ሂሳብ ዝርዝር ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ወዳለችው ሱቄ የስልክ ሂሳብ ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጥሪውን ነው። ብሩ የሄደው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ በኩል ነው።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር አታንብቡ። 20:40 ማለት ከምሽቱ 2፡40 ነው። 02:40 ደግሞ ከሌሊቱ 8፡40። ቀኑም የፈረንጅ ነው።

በቀደም አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ልጃቸውን እየጎተቱ መጡ። «ሌሊት ሌሊት እየደወለ ሂሳቤን ጨረሰው» አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቷል። «ቆይ እማማ፣ አብረን እንየው» አልኳቸው። በየቀኑ 00:05 ላይ 3 ብር ተቆርጧል። የወሩ ሲደመር 90 ብር። ጥሪ ቢሆን ኖሮ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ቁጥርና የቆየበት ደቂቃ ይኖረው ነበር። ዳታ ቢሆን ሜጋባይቱ ይጻፋል። እዚህ ግን ያለው አጭር ቁጥር ነው፤ ደቂቃ የለውም፤ ዋጋውም ከቀን ቀን አይለወጥም። ይሄ የተመዘገቡበት የመልእክት አገልግሎት ክፍያ ነው። የመልእክት ሳጥናቸውን ስንከፍት «የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በነጻ» የሚል አገኘን። እሳቸው «1» ብለው መልሰውለታል። ልጁ በነገሩ የለበትም።

በዚህ ጊዜ ሰው የሚሠራው ነገር ያናድደኛል። መልእክቱን ያጠፋል፣ ቁጥሩን ብሎክ ያደርጋል፣ አልፎም ቀፎ ይቀይራል። ኧረ ተዉ! ምዝገባው ያለው በስልክ ቁጥራችሁ ላይ ነው፤ ቀፎው ላይ አይደለም። ብሎክ ስታደርጉ መልእክቱ ይቀርባችኋል፣ ብሩ ግን መቆረጡን ይቀጥላል። እንዲያውም መልእክቱ ስለማይታያችሁ ነገሩን ትረሱታላችሁ። መልእክቱን ካጠፋችሁት ደግሞ አጭር ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።

ለዚያው አጭር ቁጥር STOP ብላችሁ ላኩ። መሰረዙን የሚገልጽ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ። በማግስቱ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ሁለት አጭር ቁጥር ካለ ለሁለቱም ለየብቻ ይላካል። አሁንም ከቆረጠ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ ሰው 994 ደውሎ «በቁጥሬ የተመዘገበ አገልግሎት ሁሉ ይሰረዝልኝ» ይበል። የተመለሰላችሁን መልእክት አታጥፉት፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ዳታ ላይ ያለው ስህተት አንድ ነው፤ ጥቅሉ ካለቀ በኋላ ዳታውን ክፍት መተው። ስልኩ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ ሊጀምር ይችላል፣ በዚያ ላይ ያለ ጥቅል ዋጋው ውድ ነው። ዝርዝሩ ላይ 03:00 አካባቢ ትልቅ ሜጋባይት ካያችሁ፣ ተኝታችሁ ሳለ አፕሊኬሽኖች ራሳቸውን ሲያድሱ ሊሆን ይችላል። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እድሳቱን በዋይፋይ ብቻ አድርጉት። ማታ ስትተኙም ዳታውን ዝጉት።