የዓመቱ የገቢ መግለጫ ከፔይስሊፑ ጋር አልገጥም ሲል

ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወረቀት ታቅፋ ቤት መጣች። አንዱ ሆቴሉ የሰጣት የ2018 በጀት ዓመት የገቢ መግለጫ ነው። ለባንክ ብድር ተጠይቃ ነው ያወጣችው። ሌላው ከሐምሌ 2017 እስከ ሰኔ 2018 የተቀበለቻቸው 12 ፔይስሊፖች ናቸው። ሌሊቱን ስትደምር አድራለች።

«ጋሼ፣ ምኑም ምኑም አይገጥምም። ሆቴሉ የሆነ ነገር ሳይበላኝ አልቀረም» አለችኝ።

ፔይሮል ስሠራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህን ስሞታ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። አብዛኛው ልዩነት ምክንያት አለው። አንዳንዱ ግን እውነተኛ ስህተት ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው እያንዳንዱን ልዩነት ለብቻው ሲፈቱት ነው። የእሷን እንዳለ ላሳያችሁ።

ደመወዟ በወር 6,500 ብር ነው። 1,000 ብር የትራንስፖርት አበል አላት። ለቁጠባና ብድር ማህበር በየወሩ 300 ብር ይቆረጥባታል። ጥር ላይ ደግሞ በጥምቀት ምክንያት ትርፍ ሰዓት ሠርታለች።

«መግለጫው ገቢዬን አሳንሶ ጻፈው»

እሷ ስትደምር ዓመቱን 91,500 ብር አገኘች። መግለጫው ግን «ግብር የሚከፈልበት ገቢ 79,500» ይላል። ልዩነቱ ልክ 12,000 ብር ነው።

12,000 ለ12 ሲካፈል 1,000 ነው፤ የትራንስፖርት አበሏ ማለት ነው። አበሉ ሕጉ ባስቀመጠው ገደብ ውስጥ ስለሆነ ግብር አይከፈልበትም። ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ውስጥ አይደመርም። ገንዘቡ ደርሷታል፣ ፔይስሊፑም ላይ አለ። መግለጫው ግን ሌላ ነገር ነው የሚቆጥረው።

መፍትሄው ፔይስሊፖቹን በአንድ ድምር አለመደመር ነው። መነሻ ደመወዙን ለብቻ፣ ትርፍ ሰዓቱን ለብቻ፣ አበሉን ለብቻ በአምድ ደምሩ። ልዩነቱ ከአንዱ አምድ ጋር እኩል ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት። መግለጫው ለባንክ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ሂሳብ ክፍሉ አበሉን በተለየ መስመር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ባንኩ የመክፈል አቅማችሁን የሚያየው በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ነው።

ልዩነቱ ከየትኛውም አምድ ጋር ካልገጠመስ? ያኔ በእጅ የተከፈላችሁን ገንዘብ አስታውሱ። በበዓል ሰሞን በፖስታ የተሰጠና ፔይሮል ላይ ያልገባ ክፍያ ፔይስሊፕም ላይ፣ መግለጫም ላይ አይወጣም።

«ግብሩን ራሴ አሰላሁት፣ ከእነሱ ጋር 50 ብር ተለያየን»

ይህኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

እሷ ያደረገችው ይህን ነው። 79,500ን ለ12 አካፈለች፣ 6,625 መጣ። የአንድ ወር ግብሩን ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ አሰላች፦ 6,625 × 20% − 500 = 825። በ12 ስታባዛው 9,900 ብር ሆነ። መግለጫው ግን 9,950 ይላል።

ስሌቷ ላይ የቁጥር ስህተት የለም። ስህተቱ አካሄዱ ላይ ነው። የእኛ አገር የደመወዝ ግብር የሚሰላው በየወሩ ነው። እያንዳንዱ ወር ራሱን ችሎ ይቆማል። ዓመቱ ሲያልቅ ተደምሮ በአማካይ አይሰላም። ስለዚህ ገቢ በአንድ ወር ከፍ ሲል የዚያ ወር ግብርም ወደሚቀጥለው እርከን ሊሻገር ይችላል።

የእሷ ጥር እንዲህ ነበር። ከተራ እሁድ ዋለ፣ የሳምንት ዕረፍት ቀኗ ነው፤ 8 ሰዓት ሠራች። ጥምቀት ሰኞ ዋለ፣ የሕዝብ በዓል ነው፤ እሱንም 8 ሰዓት ሠራች። በዚያው ሰሞን ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቆ ስለነበር ከመደበኛ ሰዓቷ በኋላ በተለያዩ ቀናት ሌላ 8 ሰዓት ጨመረች፤ ሁሉም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ነው።

የአንድ ሰዓት ደመወዟ 6,500 ለ208 ሲካፈል 31.25 ብር ነው። 208 የሚመጣው 26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የዕረፍት ቀንን በ2፣ የሕዝብ በዓልን በ2.5፣ የቀኑን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ያባዛል። ስለዚህ ከተራ 500፣ ጥምቀት 625፣ የተቀረው 375 ብር ይሆናል። በድምሩ 1,500 ብር።

የጥር ግብር የሚከፈልበት ገቢ 8,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ያለው እርከን 25 በመቶ ተሰልቶ 850 ይቀነስለታል፦ 8,000 × 25% − 850 = 1,150። የቀሩት 11 ወሮች እያንዳንዳቸው 6,500 × 20% − 500 = 800 ናቸው፤ በድምሩ 8,800። ሁለቱ ሲደመሩ 9,950።

መግለጫው ልክ ነው። 50 ብሩ የመጣው ከጥር ነው። ዓመታዊ ግብርን ለማመሳከር 12ቱን ወር ለየብቻ አስልቶ ከመደመር ሌላ አቋራጭ የለም። ገቢያችሁ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ እርከን ካልወጣ ብቻ ነው አማካዩም ልክ የሚመጣው።

«ጡረታ 14,040 ብር ተቆርጦብኛል ይላል»

ይህ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ቶሎ የሚፈታ ነው። ከእሷ የሚቆረጠው የመነሻ ደመወዙ 7 በመቶ ነው፤ በወር 455፣ በዓመት 5,460 ብር። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፤ በወር 715፣ በዓመት 8,580 ብር። መግለጫው ሁለቱን ደምሮ ነው የጻፈው። ፔይስሊፑ ላይ በየወሩ 455 ብቻ ከተቆረጠ ችግር የለም። ትርፍ ሰዓት የጡረታ ስሌት ውስጥ ስለማይገባ የጥሩም 455 መሆን አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ጡረታውን ቀንሶ ግብሩን ከቀሪው ላይ ያሰላል። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ግብሩ የሚሰላው 7 በመቶው ሳይቀነስ ነው።

«ወሮቹ ራሳቸው አይገጥሙም»

መግለጫው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን በጀት ዓመት የሚከተል ከሆነ፣ ከመስከረም ጀምሮ የተደረደረ ፔይስሊፕ አይገጥመውም። የጳጉሜን ፔይስሊፕ ፍለጋም አትድከሙ። የወር ደመወዝተኛ የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው። የባንክ ስቴትመንቱን ስታዩ ደግሞ የሰኔ ደመወዝ ሐምሌ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የገባበትን ቀን ሳይሆን የየትኛው ወር ክፍያ እንደሆነ እዩ።

«ፔይስሊፖቹ ላይ የተቆረጠው ግብር ከመግለጫው ይበልጣል»

እስካሁን ሆቴሉ ምንም አላጠፋም። ይህ የመጨረሻው ግን የተለየ ነው።

12ቱን ፔይስሊፖች ዘርግተን የግብሩን አምድ ብቻ ደመርን። 10,210 ብር መጣ። መግለጫው 9,950 ነው። 260 ብር ልዩነት አለ። ወር በወር ስንሄድ የሐምሌ 2017 ግብር 800 መሆን ሲገባው 1,060 ሆኖ አገኘነው።

1,060 ከየት መጣ? ከድሮው ሠንጠረዥ። በድሮው 6,500 ብር 25 በመቶ ተሰልቶ 565 ይቀነስለት ነበር፦ 1,625 − 565 = 1,060። አዲሱን ሠንጠረዥ ያመጣው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነው። ሥራ ላይ የዋለው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ቢሆንም የጸደቀው ወሩ ከገባ በኋላ ነው። የሆቴሉ ሂሳብ ክፍል የሐምሌን ፔይሮል በድሮው ሠርቶ፣ በኋላ የዓመቱን መግለጫ ሲያወጣ ሁሉንም ወር በአዲሱ አስልቶታል። መግለጫው ላይ መሆን የነበረበት ተጻፈ፤ ከእጇ የወጣው ግን ሌላ ነው።

ባንኩም ይህንኑ መሰከረ። የሁሉም ወር ስሌት ልክ ቢሆን ኖሮ ከቁጠባው በኋላ አካውንቷ ውስጥ 72,490 ብር መግባት ነበረበት። የገባው 72,230 ነው። 260 ብር ጎድሏል።

እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ «ግብሬ ተሳስቷል» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ወሩን፣ የተቆረጠውን፣ መቆረጥ የነበረበትንና ልዩነቱን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ የፔይስሊፑን ኮፒ አያይዙ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ለግብር ሰብሳቢው የገባው 1,060 ነው ወይስ 800? 800 ከሆነ 260ው አሠሪው እጅ ነው፤ መመለስ ያለበትም እሱ ነው። 1,060 ከሆነ አሠሪው ከግብር ቢሮው ጋር ማስተካከል አለበት፤ መግለጫውም በትክክል የተቆረጠውን እንዲያሳይ ሆኖ እንደገና መውጣት አለበት።

«ፔይሮሉ ላይ ፈርመሻል» ቢሏችሁ አትደንግጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የክፍያ መዝገቡን ለጠየቀ ሠራተኛ ማሳየትና ማስረዳት አለበት። ሳይቃወሙ መቀበልም ቀሪውን የመጠየቅ መብት አያሳጣም። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ቆጠራው ይቋረጣል። ስለዚህ የቃል ተስፋ ይዛችሁ አትመለሱ፣ አጭር ደብዳቤ አስጽፉ። ይህ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነሱ የሚተዳደሩበት ሕግ ሌላ ነው።

የሐምሌውን ስህተት የደረስንበት ዓመት ቆይቶ ነው። 6 ወሩ ሊነሳባት ይችል ነበር። ደግነቱ የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ ወዲያው አመነ። ለግብር ሰብሳቢው 800 ብር ነበር የገባው። የነሐሴ ፔይስሊፗ ላይ «የሐምሌ 2017 የግብር ማስተካከያ 260.00» የሚል መስመር ወጣ። ከነሐሴ ደመወዝ ጋር ደምረው እንደገና ግብር እንዳይቆርጡበት ከግብሩ ስሌት በኋላ እንዲገባ አድርገናል። የሚመጣው ዓመት መግለጫዋ ላይም 260ው እንደ አዲስ ገቢ መቆጠር የለበትም። ፔይስሊፑን ለብቻው እንድታስቀምጠው ነግሬያታለሁ።