ዋርፋሪን ወይም የወሊድ መከላከያ እየወሰዱ እፅ ሲጨምሩ የሚሠሩ ስህተቶች

ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ አንዳንዴ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል የእፅ እንክብል ይዞ ይመጣል። ለድብርት ነው የሚወሰደው። ጉበታችን መድኃኒት የሚሰባብርባቸው ኢንዛይሞች አሉት። ይህ እፅ ኢንዛይሞቹን ያበዛቸዋል። መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ተሰባብሮ ይወጣል።

እፁን በድንገት ማቆም

በጣም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን በቀን 5 ሚሊ ግራም የሚወስዱ አንዲት እናት ነበሩ። የደም መቅጠኛ ምርመራቸው፣ አይኤንአር የሚባለው፣ 2.4 ነበር። ለእሳቸው የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። እህታቸው የላከችላቸውን እንክብል ከጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት 1.4 ወረደ። ስለ እፁ የጠየቃቸው የለም። መጠኑ ወደ 7.5 ከፍ ተደረገ፣ ቁጥሩም ተስተካከለ።

ከዚያ ብልቃጡ አለቀ። ኢንዛይሞቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ቀድሞው ተመለሱ፤ 7.5ቱ ግን እንዳለ ነው። አንድ ቀን መጥተው «ልጄ፣ ድዴን እያደማኝ ነው፣ ጥሩ የጥርስ ሳሙና ስጠኝ» አሉኝ። ገንዘብ ሊያወጡ እጃቸውን ሲዘረጉ ክንዳቸው ላይ የበለዘ ነገር አየሁ። ሳሙናውን ትቼ ለምርመራ ላክኋቸው። 6.1 ነበር።

ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው እፁን መጀመርም ማቆምም ያለበት ሐኪሙ እያወቀ ነው። ካቆመ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ምርመራው ቶሎ ቶሎ ይደረጋል። ሰገራ ከጠቆረ ወይም ሽንት ከቀላ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

«ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መተው

ይህን ስህተት እኔ ሠርቻለሁ። እኚህኑ እናት ጠይቄያቸው «የለም» ብለውኛል። አልዋሹም፤ እፅ ለእሳቸው መድኃኒት አይደለም። አሁን «ከዘመድ የተላከ እንክብል ወይም ሻይ አለ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ብልቃጡንም ይዘው እንዲመጡ እለምናለሁ።

ሰዓት አራርቆ መዋጥ

ጠዋት እፁ፣ ማታ መድኃኒቱ ቢሆን ለውጥ የለውም። ኢንዛይሞቹ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው።

የወሊድ መከላከያውን መርሳት

በየቀኑ የሚዋጠውም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ይዳከማል። ከወር አበባ ውጪ ደም ጠብ ማለት አንዱ ምልክት ነው። ምልክት አለመኖሩ ግን ዋስትና አይደለም። የሦስት ወሩ መርፌና ሉፕ አይነኩም። እፁን የወሰደች ሴት ካቆመችም በኋላ ለ28 ቀን ኮንዶም ትጨምር። ድንገት ያለ ጥንቃቄ ግንኙነት ከተደረገ ድንገተኛው እንክብልም አቅሙ ይቀንሳል። በ5 ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕ ይሻላታል።