ሲስተር መልስ የሰጡኝ ሁለተኛውን ደብዳቤ ስልክላቸው ነው

ደብረ ብርሃን ነርሲንግ እማራለሁ። ለስኮላርሺፕ የክሊኒካል አስተማሪዬን የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅኩ፣ ዝም አሉ። በየዙሩ ስንት ተማሪ ያያሉ! «ታታሪ ተማሪዎ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ማንን ያስታውሳቸዋል? ስለዚህ አብረን ያየነውን አንድ ኬዝ ጻፍኩላቸው፦

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በድኅረ ወሊድ ክፍል የአንዲት እናት የልብ ምት ከ88 ወደ 124 ሲወጣ፣ ግፊቷ ገና ሳይወርድ የጠራሁዎት እኔ ነኝ። ማህፀኗ ለስልሶ ስላገኙት ወዲያው ማሸት ጀመሩ፤ እኔም ኦክሲቶሲኑን አቀበልኩ። ያንን ቀን መነሻ አድርገው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። የማይመችዎት ከሆነም አልቀየምም።»

የታካሚዋን ስምና የካርድ ቁጥር አላስገባሁም። ቁጥሮቹን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ደም ሲፈስ ምት ቀድሞ ይጨምራል፣ ግፊት ዘግይቶ ይወርዳል። ይህን ያየች ተማሪ ምን እንደምታውቅ አስተማሪ ይገባዋል።

ከታች የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ጻፍኩ። የተፈረመበትን የሎግ ቡክ ገጽና ሲቪዬንም አያያዝኩ። የድጋፍ ቅጹ በቀጥታ በእሳቸው ኢሜይል እንደሚመጣና ራሳቸው እንደሚልኩት ነገርኳቸው፤ በእኔ እጅ ካለፈ ስኮላርሺፕ ሰጪዎቹ አይቀበሉትም።

በማግስቱ ደወሉ። «አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉ።