የሚድፖይንት ኢላስቲሲቲ መልስ አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሁለት ዋጋና ሁለት ብዛት ሰጥቶ «የፍላጎትን የዋጋ ኢላስቲሲቲ በሚድፖይንት ዘዴ አስሉ» የሚል ጥያቄ በሁለተኛ ደረጃም፣ በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመትም ይመጣል። ኢላስቲሲቲ ዋጋው በመቶኛ ሲለወጥ የሚገዛው ብዛት በመቶኛ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካ ቁጥር ነው፤ ሚድፖይንት ደግሞ መቶኛውን ከሁለቱ ቁጥሮች አማካይ ላይ የሚያሰላው ዘዴ ነው። ስሌቱ ራሱ አጭር ነው። ተማሪውን የሚያደክመው ያገኘው መልስ ከምርጫዎቹ ውስጥ ሲጠፋ የተሳሳተበትን ቦታ መፈለጉ ነው። ደግነቱ በአንድ ጥያቄ ላይ እያንዳንዱ ስህተት የራሱን ቁጥር ይወልዳል፤ ስለዚህ የወጣውን ቁጥር አይቶ ስህተቱን መለየት ይቻላል። ይህንን በአንድ ጥያቄ ላይ እንየው።

«በደብረ ብርሃን ገበያ የመንዝ ባና የሚሸጥ ነጋዴ አለ። የአንድ ባና ዋጋ 900 ብር ሳለ በወር 70 ባና ይሸጥ ነበር። ዋጋው ወደ 1100 ብር ሲያድግ ሽያጩ ወደ 50 ወረደ። ሌላው ነገር ሁሉ እንዳለ ነው።» ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የገበያው ዋጋ አይደሉም።

ፎርሙላው ይህ ነው፤ E ኢላስቲሲቲው፣ P ዋጋ፣ Q ብዛት፣ 1 የመነሻው፣ 2 የመድረሻው ምልክት ነው፦

```
E = ((Q2 - Q1) / ((Q1 + Q2) / 2)) / ((P2 - P1) / ((P1 + P2) / 2))
```

ከብዛቱ እንጀምር። ለውጡ 50 − 70 = −20 ነው። የሁለቱ ብዛቶች አማካይ 60 ነው። −20ን ለ60 ስናካፍል −33.3 በመቶ ይሆናል። ወደ ዋጋው ስንሄድ ለውጡ 200፣ አማካዩ 1000፣ ስለዚህ 20 በመቶ። የብዛቱን በመቶኛ ለዋጋው በመቶኛ ስናካፍል −1.67 እናገኛለን። ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። የእናንተ ሌላ ከሆነ ከታች ካሉት ውስጥ ፈልጉት።

ምልክት፦ መልሱ −1.29 ወይም −2.2 ወጣ

ምክንያቱ ለውጡን ለአማካዩ ሳይሆን ለመነሻው ማካፈል ነው። −20 ለ70 ሲካፈል −28.6 በመቶ፣ 200 ለ900 ሲካፈል 22.2 በመቶ ይሆናል፤ ውጤቱም −1.29 ነው። ጥያቄውን ገልብጣችሁ ከ1100 ወደ 900 ብትነሡ ደግሞ ብዛቱ ከ50 ወደ 70 በ40 በመቶ ያድጋል፣ ዋጋው በ18.2 በመቶ ይወርዳል፣ መልሱም −2.2 ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሚድፖይንት የተባለው ዘዴ የመጣው ይህንኑ ለማስተካከል ነውና። ነጋዴው ያው ነው፣ ባናው ያው ነው፣ ሁለቱ ነጥቦችም አልተቀየሩም፤ የተቀየረው ከየትኛው እንደጀመርን ብቻ ነው። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ያለው ርቀት ሲወርዱም ሲወጡም አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ኢላስቲሲቲም ከየትኛውም ወገን ቢለካ አንድ መሆን አለበት። አማካዩ ከሁለቱም ወገን ያው ስለሆነ ይህንን ይሰጠናል። አቅጣጫው ሲገለበጥ የሚቀየረው የሁለቱ ለውጦች ምልክት ነው፤ ሁለቱም አብረው ስለሚገለበጡ መልሱ −1.67 እንዳለ ይቀራል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ማንኛውንም ማካፈል ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን አማካዮች፣ 60ን እና 1000ን፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፏቸው። ከዚያ በኋላ በስሌቱ ውስጥ 70 ወይም 900 ከመስመር በታች ካያችሁ ስህተቱ እዚያ ነው።

ምልክት፦ መልሱ −0.6 ወጣ

20 በመቶው ላይ፣ 33.3 በመቶው ታች ተቀምጧል፤ ማለትም ክፍልፋዩ ተገልብጧል። ይህ ስህተት ከግራፉ የሚመጣ ይመስለኛል። የፍላጎት ግራፍ ስንሠራ ዋጋን በቋሚው መስመር፣ ብዛትን በአግድሙ እናስቀምጣለን፤ የመስመሩን ዝንባሌ ስንለካም ዋጋ ከላይ ይሆናል። እጃችን ያንን ስለለመደ ኢላስቲሲቲም ላይ ዋጋን ወደ ላይ ይወስደዋል። ኢላስቲሲቲ የሚጠይቀው ግን ገዢው ለዋጋው ለውጥ ምን ያህል ምላሽ እንደሰጠ ነው። የገዢው ምላሽ የሚታየው በብዛቱ ነው፤ ስለዚህ ብዛት ከላይ ይቀመጣል።

ስህተቱ አደገኛ የሚሆነው ትርጉሙንም ስለሚገለብጥ ነው። 1.67 ከ1 ስለሚበልጥ ፍላጎቱ ኢላስቲክ ነው ይላል፤ 0.6 ደግሞ ከ1 ስለሚያንስ ኢንኢላስቲክ ነው ይላል። ምርጫ የሚያወጡ መምህራን ይህንን ቁጥር ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ መካከል ስለሚያስገቡት መልሱ «ገጠመ» ብላችሁ አትርኩ።

ምልክት፦ −0.83፣ −3.33 ወይም −1.53 ወጣ

እነዚህ ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁሉም አማካዩ ሲሠራ የተፈጠሩ ናቸው። የብዛቱን ድምር ለ2 ሳታካፍሉ 120ን ከተጠቀማችሁ መልሱ በግማሽ ይቀንስና −0.83 ይሆናል። የዋጋውን ድምር ለ2 ሳታካፍሉ 2000ን ከተጠቀማችሁ ደግሞ በእጥፍ ያድግና −3.33 ይሆናል። መልሳችሁ ከምርጫዎቹ ከአንዱ ግማሽ ወይም እጥፍ ከሆነ መጀመሪያ የምትመረምሩት ይህንን ነው።

ሁለቱንም ለ2 ማካፈል ብትረሱ ግን መልሱ አይበላሽም፤ ከላይና ከታች ያሉት 2ቶች ይጠፋፋሉና። ይህ ለማረጋገጫ የሚሆን አጭር መንገድ ይሰጠናል፦

```
E = ((Q2 - Q1) * (P1 + P2)) / ((Q1 + Q2) * (P2 - P1))
```

በእኛ ጥያቄ −20 × 2000 = −40000 ከላይ፣ 120 × 200 = 24000 ከታች፤ ሲካፈል −1.67። ምርጫ ለሆነ ጥያቄ ይህ ይበቃል። መምህሩ ሥራውን አይቶ ነጥብ የሚሰጥበት ጥያቄ ከሆነ ግን ረጅሙን ጻፉ፤ ሁለቱ በመቶኛዎች ለየብቻ መታየታቸው ይጠቅማችኋል።

−1.53 የካልኩሌተር ስህተት ነው። 70 + 50 ÷ 2 ብላችሁ ያለ ቅንፍ ስትጫኑ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር መጀመሪያ 50ን ለ2 ያካፍላል፣ ከዚያ 70 ይደምርበትና 95 ይሰጣል። በዋጋውም 900 + 1100 ÷ 2 ሲጫን 1450 ይመጣል። የሁለት ቁጥሮች አማካይ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት፤ 95 ከ50ም ከ70ም ይበልጣል። ይህንን ካያችሁ ካልኩሌተሩን አጥፍታችሁ ድምሩን በቅንፍ ውስጥ አስገቡ፤ ወይም መጀመሪያ ደምሩ፣ እኩል ይሆናልን ተጫኑ፣ ከዚያ ለ2 አካፍሉ።

ምልክት፦ −0.1 ወጣ

−20 ለ200 በቀጥታ ተካፍሏል። ያ ዋጋው በአንድ ብር ሲጨምር ስንት ባና እንደሚቀንስ የሚናገር ቁጥር እንጂ ኢላስቲሲቲ አይደለም። ዋጋውን በሳንቲም ብትጽፉት ይቀየራል፤ ኢላስቲሲቲ ግን በብርም በሳንቲምም፣ በኪሎም በኩንታልም ያው ነው። ሁለቱን ለውጦች በመቶኛ አድርጉና እንደገና ሥሩ።

መልሱ ትክክል መሆኑን በጠቅላላ ገቢ መፈተን

ዋጋን በብዛት አባዙ። ፊት 900 × 70 = 63000 ብር ነበር፤ አሁን 1100 × 50 = 55000 ብር ሆነ። ዋጋ ሲጨምር ገቢው ከቀነሰ ፍላጎቱ ኢላስቲክ ነው፣ ማለትም ምልክቱን ትተን ቁጥሩ ከ1 መብለጥ አለበት። ዋጋ ሲጨምር ገቢውም ከጨመረ ከ1 ማነስ አለበት። ዋጋ ወርዶ ከሆነ ንባቡ ይገለበጣል። በዚህ ፈተና −0.6፣ −0.83 እና −0.1 ወዲያው ይወድቃሉ። −1.29፣ −1.53፣ −2.2 እና −3.33 ግን ሁሉም ከ1 ስለሚበልጡ ያልፋሉ፤ እነሱን ለመያዝ አማካዮቹን ማየት ግድ ነው።

ይህ ፈተና ከሚድፖይንት ጋር የተለየ ዝምድና አለው። ዋጋው ከ800 ወደ 1200 ብር ጨምሮ ብዛቱ ከ60 ወደ 40 ወረደ እንበል። ገቢው ፊትም 48000፣ አሁንም 48000 ብር ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ ኢላስቲሲቲው በትክክል −1 መሆን አለበት። ከመነሻው ብታሰሉ −0.67፣ ከመድረሻው ብታሰሉ −1.5 ይወጣል። በሚድፖይንት ግን −40 በመቶ ለ40 በመቶ፣ ልክ −1 ነው። ይህ በዚህ ምሳሌ ብቻ የገጠመ ነገር አይደለም፤ ሁለቱ ገቢዎች እኩል በሆኑበት ጥያቄ ሁሉ ሚድፖይንት −1 ይሰጣል። በአጭሩ ፎርሙላ ላይ P1Q1 = P2Q2 ብላችሁ ቅንፎቹን ብትዘረዝሩ ራሳችሁ ታረጋግጡታላችሁ።

ምልክት፦ መልሱ ፖዘቲቭ ወጣ

መጀመሪያ የምልክቱን አጻጻፍ ለዩ። ብዙ መጻሕፍት ነጌቲቩን ትተው 1.67 ብለው ይጽፋሉ፤ ያ ልማድ እንጂ ስህተት አይደለም። ችግር የሚሆነው ስሌቱ ራሱ ፖዘቲቭ ሲሰጥ ነው።

አንዱ ምክንያት ጥያቄውን አጣድፎ ማንበብ ነው። «በ200 ብር ጨመረ» የሚለውን «200 ብር ሆነ» ብሎ የወሰደ ተማሪ P2 ቦታ 200 ያስገባል፤ ዋጋው የወረደ ይመስልና መልሱ +0.26 ይሆናል። ሌላው ከሠንጠረዥ ሲገለበጥ የአንዱን ረድፍ ዋጋ ከሌላው ረድፍ ብዛት ጋር ማጣመር ነው፤ በብዛቱ መነሻው 50፣ በዋጋው ግን መነሻው 900 ከሆነ +1.67 ይወጣል። P1ን ከQ1 ጋር፣ P2ን ከQ2 ጋር በአንድ መስመር ጽፋችሁ ከጀመራችሁ ይህ አይደርስባችሁም።

ሁለቱንም አረጋግጣችሁ አሁንም ፖዘቲቭ ከሆነ ስህተቱ በእናንተ ላይሆን ይችላል። ለፋሲካ ዋዜማ በበግ ተራ የሚሆነውን አስቡ፤ የበጉ ዋጋ ከጾሙ ወራት ይልቅ ይወደዳል፣ የሚሸጠው በግም ይበዛል። ሁለቱ አብረው የጨመሩት ሰው ውድ በግ ስለወደደ ሳይሆን በዓሉ ፍላጎቱን ራሱን ስላሳደገው ነው። ሁለቱ ነጥቦች በአንድ የፍላጎት መስመር ላይ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በጾሙ መስመር፣ ሁለተኛው በበዓሉ መስመር ላይ ነው። ፎርሙላው ይህንን አያውቅም፤ አራት ቁጥር ከሰጣችሁት መልስ ይሰጣችኋል፣ ያ መልስ ግን የፍላጎት ኢላስቲሲቲ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ላይ «ሌላው ነገር ሁሉ እንዳለ ነው» የሚል ወይም ያንን የሚያመለክት ቃል መኖሩን ፈልጉ። ገቢ፣ ወቅት ወይም የሌላ ዕቃ ዋጋ አብሮ የተለወጠበት ሠንጠረዥ ከሆነ እነዚያ ያልተለወጡባቸውን ሁለት ረድፎች መርጣችሁ አስሉ። ጥያቄው ስለ ገዢው ሳይሆን ስለ አቅራቢው ከሆነ ደግሞ ፖዘቲቭ መልስ የሚጠበቅ ነው፤ ፎርሙላው ያው ሆኖ የሚለካው የአቅርቦት ኢላስቲሲቲ ይሆናል።