ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ፣ ቆርቆሮ ቤት፦ እንቅልፌን እንዴት አገኘሁት

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ክፍሌ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። መስኮት ስከፍት የባጃጅና የሙዚቃ ድምፅ ይገባል፤ ስዘጋ ታፍኜ አድራለሁ። ቬንትሌተር ወደ ራሴ አዞርኩ፤ ያንኑ የሞቀ አየር መለሰልኝ። ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከተትኩ፣ ብዙም አልቀነሰልኝም።

መፍትሔ የሆነኝ ይሄ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ውጭው ሲቀዘቅዝ የጓሮውን በር ከፍቼ ቬንትሌተሩን መንገድ ዳር ያለው መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አደረግሁት። የሞቀውን ያወጣል፣ ቀዝቃዛው በጓሮ ይገባል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መስኮቱን ዘግቼ ቬንትሌተሩን ወደ አልጋው እመልሰዋለሁ። ጉርምርምታው የውጭውን ድምፅ ይሸፍናል። አልጋውንም ከመንገዱ ግድግዳ አራቅሁት።

ውጭው ከውስጡ ካልቀዘቀዘ ግን ዋጋ የለውም፤ በሩ ላይ ቆማችሁ ለዩት። ትንኝ ስለሚገባ አጎበሩን ቀድማችሁ ዘርጉ።