ነፃ ነው ብላችሁ ሰባቱንም ቀን አትምጡ

ጎንደሮች፣ ፒያሳ ያለው ጂማችን ጂም ገብተው ለማያውቁ ሰዎች የአንድ ሳምንት ነፃ ሙከራ ከፍቷል። ግን ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰባቱንም ቀን አትምጡ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይበቃል።

ያልለመደ ጡንቻ ህመሙ የሚብሰው በዚያው ቀን ሳይሆን በማግስቱና በሳልስቱ ነው። ሰኞ ደስ ብሎት ያገኘውን ብረት ሁሉ ያነሳ ሰው ማክሰኞ ደረጃ የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ነው፤ ረቡዕ ላይ ደግሞ "ጂም ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይቀራል። አሠልጣኝ ስለሆንኩ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሰኞ ትሬድሚል ላይ 10 ደቂቃ ተራመዱ፣ ከጓደኛ ጋር እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት። ከዚያ ወንበር ላይ 10 ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ አረፍ ብላችሁ ሌላ 10። ግድግዳ ተደግፋችሁ ፑሽ አፕ፣ እሱም እንደዚያው። ብረት አትንኩ። "ገና አልደከመኝም" እያላችሁ ወደ ቤት ሂዱ።

በማግስቱ የጭንና የደረት ጡንቻችሁን ቢያማችሁ አትደንግጡ፣ በጥቂት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ህመም ግን ሌላ ነው፤ አቁሙና ንገሩን። ሽንታችሁ እንደ ቡና ከጠቆረ ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ። የልብ ችግር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ ሳትጀምሩ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ሸራ ጫማ፣ ፎጣና ውኃ ይዛችሁ ኑ።